ከፎቶግራፍ ወደ ሲኤስቪ፦ የባንክ ሒሳብ መግለጫን በቀሪ ሒሳቡ እየፈተሹ መገልበጥ

ስለ አነስተኛ ነጋዴዎች ወይም ስለ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የገንዘብ እንቅስቃሴ የሚያጠና ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መረጃ በኮምፒዩተር የተዘጋጀ ሠንጠረዥ አይደለም። በባንክ ቅርንጫፍ ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣ በስቴፕለር ተያይዞ በፋይል የተቀመጠ የወረቀት ሒሳብ መግለጫ ነው። ባለቤቱ ወረቀቱን አሳልፎ አይሰጥም፤ ፎቶግራፍ እንዲነሣ ግን ሊፈቅድ ይችላል። ተመራማሪው በስልኩ ያነሣቸውን ምስሎች ይዞ ይመለሳል፤ ለትንተናው የሚያስፈልገው ግን እያንዳንዱ ግብይት በአንድ ረድፍ፣ ዴቢቱ፣ ክሬዲቱና ቀሪ ሒሳቡ በየዓምዳቸው የተቀመጡበት የሲኤስቪ ፋይል ነው።

ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ ሶፍትዌሮች ዛሬ ብርቅ አይደሉም። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ቴሰራክት በሂውሌት ፓካርድ ተጀምሮ በ2005 ለሁሉም በነፃ የተለቀቀ ነው። ችግሩ ሶፍትዌሩ መሳሳቱ አይደለም፤ ሁሉም ይሳሳታል። ችግሩ በቁጥር ላይ የሚደርስ ስሕተት በቃል ላይ እንደሚደርሰው ለዓይን አለመጋለጡ ነው። «ደመወዝ» የሚለው ቃል አንድ ፊደል ቢዛነፍ አንባቢው ወዲያው ያየዋል፤ 8,650 በ3,650 ቢተካ ግን ሁለቱም ቁጥሮች ናቸው፣ ሁለቱም አሳማኝ ናቸው። ደግነቱ የባንክ ሒሳብ መግለጫ ከሌሎች ሠንጠረዦች የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው፤ ራሱን በራሱ የሚፈትሽ ሰነድ ነው። በየረድፉ የሚታተመው ቀሪ ሒሳብ ከላይኛው ረድፍ ቀሪ ላይ ዴቢቱ ተቀንሶ ክሬዲቱ ተደምሮ የተገኘ ነው፦

```
balance[i] = balance[i-1] - debit[i] + credit[i]
```

የሒሳብ አያያዝ ትምህርት የተከታተለ ተማሪ እዚህ ላይ ሊደናገር ይችላል። በደንበኛው መዝገብ በባንክ ያለ ገንዘብ ሀብት ስለሆነ ዴቢት ያሳድገዋል። መግለጫው የሚታተመው ግን ከባንኩ መዝገብ ነው፤ ለባንኩ የደንበኛው ተቀማጭ ዕዳ በመሆኑ ዴቢት ይቀንሰዋል፣ ክሬዲት ይጨምረዋል። በሲኤስቪው ውስጥ የባንኩን አቅጣጫ እንዳለ መጠበቅ ይገባል፤ ምልክት መለወጥ የሚያስፈልግ ከሆነ በኋላ በትንተናው ጊዜ ይደረጋል።

ምስሉና ዓምዶቹ

የኤ4 ወረቀት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ጥራት ሲለካ 2480 በ3508 ፒክሰል ይሆናል። ይህ ለጽሑፍ ንባብ የተለመደው መጠን ሲሆን የአብዛኛው ስልክ ካሜራ ወረቀቱ ምስሉን ሞልቶ እስከተነሣ ድረስ ይደርስበታል። ከጥራቱ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ወረቀቱ በሙሉ መግባቱ ነው። አራቱም ጠርዞች በምስሉ ውስጥ መታየት አለባቸው፤ አንደኛ፣ ጥመቱን በአራቱ ማዕዘኖች ማስተካከል የሚቻለው ያኔ ነው፤ ሁለተኛ፣ የገጹ የመጨረሻ ረድፍ በእርግጥም የመጨረሻው መሆኑን ማረጋገጫው የወረቀቱ የታች ጠርዝ ነው። በስቴፕለር የተያያዘ መግለጫ ሲገለጥ ከመያዣው በኩል ይጎብጣል፤ እዚያ አካባቢ ያሉ ረድፎች በጥላ ይዋጣሉ። ኋላ የሚመጣው አብዛኛው ጣጣ ከዚህ ይጀምራል።

ጥመቱ ከተስተካከለ በኋላ እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ይነበባል፦

```
tesseract p1.png p1 -l eng --psm 6 tsv
```

በመጨረሻ የተጻፈው `tsv` የሚለው ትእዛዝ ወሳኝ ነው። ያለ እርሱ የሚገኘው ተራ ጽሑፍ ብቻ ሲሆን በተራ ጽሑፍ ደግሞ ባዶ ሕዋስ አይታይም። አንድ ረድፍ ቀን፣ ማብራሪያና ሁለት ቁጥሮች ብቻ ካሉት የመጀመሪያው ቁጥር ዴቢት ይሁን ክሬዲት ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም። በ`tsv` ውጤት ግን የእያንዳንዱ ቃል ቦታ በፒክሰል ይሰጣል። በመግለጫዎች ላይ የገንዘብ መጠን ብዙውን ጊዜ በቀኝ ጠርዙ ተስተካክሎ ስለሚታተም `left` እና `width` ተደምረው የሚሰጡት የቀኝ ጠርዝ በሦስት ቦታ ይሰበሰባል፤ ሦስቱም ዴቢት፣ ክሬዲትና ቀሪ ናቸው። እነዚህ ሦስት ቦታዎች ለየገጹ ለየብቻ መለካት አለባቸው። ስልኩ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲሄድ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ በአንደኛው ገጽ የክሬዲት ዓምድ የነበረው ቦታ በሁለተኛው ገጽ ወደ ዴቢት ሊጠጋ ይችላል። በየገጹ አናት የሚደገመው የዓምድ ርእስ ብዙዎች ቸኩለው የሚጥሉት ነገር ነው፤ ሆኖም የዚያን ገጽ ዓምዶች የሚያመለክት እርሱ በመሆኑ መጣል ያለበት ልኬቱ ከተወሰደ በኋላ ነው።

አንዳንዶች ይህን ልፋት ለመቀነስ ዴቢትና ክሬዲትን ከቀሪው ይለያሉ፤ ቀሪው ከቀነሰ ዴቢት፣ ከጨመረ ክሬዲት ነው በማለት። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቀሪው አቅጣጫን ለመወሰን ከዋለ በኋላ ያንኑ አቅጣጫ ለመመስከር አይበቃም። መጠኑን መፈተሽ ይችላል፣ ዓምዱን ግን አይችልም። ስለዚህ ዓምዱን ከቦታው ማንበብና ቀሪውን ለምስክርነት ማቆየት የተሻለ ነው።

ሰንሰለቱ ሲፈተሽ

ለማሳያ የተዘጋጀ ባለ ሁለት ገጽ መግለጫ እንውሰድ። ትክክለኛው ይዘቱ የሚከተለው ነው፦

```
page,row,kind,date,description,debit,credit,balance
1,0,BF,,Opening balance,,,48310.75
1,1,TX,2023-01-02,Cash deposit,,12500.00,60810.75
1,2,TX,2023-01-04,Cheque,8650.00,,52160.75
1,3,TX,2023-01-05,Transfer,3000.00,,49160.75
1,4,TX,2023-01-05,Transfer,3000.00,,46160.75
1,5,CF,,Carried forward,,,46160.75
2,0,BF,,Brought forward,,,46160.75
2,1,TX,2023-01-09,Cash deposit,,27400.00,73560.75
2,2,TX,2023-01-10,Cheque,15380.00,,58180.75
2,3,TX,2023-01-10,Service charge,5.75,,58175.00
2,4,TX,2023-01-12,Cash deposit,,4200.00,62375.00
```

`kind` የሚለው ዓምድ በወረቀቱ ላይ የለም፤ በገልባጩ የተጨመረ ነው። `TX` እውነተኛ ግብይት ሲሆን `BF` ካለፈው ገጽ የዞረ፣ `CF` ደግሞ ወደሚቀጥለው ገጽ የዞረ ቀሪ ነው። የሺህ መለያ ሰረዞች ተነሥተዋል፤ ሲኤስቪ ራሱ ዓምዶችን የሚለየው በሰረዝ ነውና። ቀኑም ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ተጽፏል፤ 05/01/2023 በአንዱ ኮምፒዩተር ጥር 5፣ በሌላው ግንቦት 1 ተብሎ በአውሮፓ አቆጣጠር እንዳይተረጎም ነው።

ሰንሰለቱን የሚፈትሸው ፕሮግራም አጭር ነው፦

```python
import csv
from decimal import Decimal as D

prev = None
with open("raw.csv", encoding="utf-8", newline="") as f:
    for r in csv.DictReader(f):
        bal = D(r["balance"])
        if prev is None:
            diff = D(0)
        else:
            calc = prev - D(r["debit"] or 0) + D(r["credit"] or 0)
            diff = bal - calc
        if diff:
            print(r["page"], r["row"], diff)
        prev = bal
```

`Decimal` የተመረጠው ተራው የነጥብ ቁጥር ሳንቲሞችን በትክክል ስለማይዝ ነው፤ በእርሱ ቢሠራ ምንም ስሕተት በሌለበት ረድፍ ላይ እጅግ ጥቃቅን ልዩነቶች ብቅ ይላሉ። ሌላው ሊስተዋል የሚገባው ነገር ፕሮግራሙ ስሌቱን ይዞ እስከ መጨረሻ አለመሄዱ ነው። በየረድፉ የሚነሣው ከተነበበው ቀሪ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ስሕተት ከተፈጠረበት ቦታ ርቆ አይጓዝም።

የልዩነቱ መጠንና አቀማመጥ ስሕተቱ የት እንዳለ ይናገራል። ሶፍትዌሩ በገጽ 1 ረድፍ 2 ያለውን 8,650.00 እንደ 3,650.00 አነበበው እንበል። የሚጠበቀው ቀሪ 57,160.75 ይሆናል፤ የተነበበው ግን 52,160.75 ነው። ልዩነቱ ከዜሮ በታች 5,000.00 ሲሆን የሚታየው በዚያ ረድፍ ብቻ ነው፤ ቀጣዩ ረድፍ ንጹሕ ነው። አሁን ደግሞ በገጽ 2 ረድፍ 2 ቀሪው 58,180.75 መሆኑ ቀርቶ 53,180.75 ተብሎ ተነበበ እንበል። በዚያ ረድፍ ላይ የሚወጣው ልዩነት ያው ከዜሮ በታች 5,000.00 ነው፤ በቀጣዩ ረድፍ ላይ ግን ከዜሮ በላይ 5,000.00 ይወጣል። ስለዚህ ብቻውን የቆመ ልዩነት በአብዛኛው የዴቢት ወይም የክሬዲት ስሕተት ነው፤ ተቃራኒ ምልክት ይዘው የተከታተሉ ሁለት እኩል ልዩነቶች የቀሪ ስሕተት ናቸው። ዴቢት በክሬዲት ዓምድ ከገባ ልዩነቱ የመጠኑ እጥፍ ይሆናል። የሳንቲም ነጥብ ሳይነበብ ቀርቶ 4,200.00 ወደ 420,000 ቢለወጥ ልዩነቱ የእውነተኛው መጠን 99 እጥፍ ነው።

የገጹ መገጣጠሚያ

እስካሁን የተባለው በአንድ ገጽ ውስጥ እምብዛም አያስቸግርም። ሥራው የሚከብደው አንዱ ገጽ አልቆ ሌላው በሚጀምርበት ቦታ ነው።

ከላይ ባለው ምሳሌ የገጽ 1 የመጨረሻ ግብይት፣ ማለትም ሁለተኛው የ3,000.00 ዝውውር፣ በወረቀቱ ጉብጠት ጥላ ተውጦ ሳይነበብ ቀረ እንበል። ገልባጩም የዞሩ ቀሪዎችን «ግብይት አይደሉም» ብሎ አስቀድሞ ጥሏቸዋል። ሰንሰለቱ ሲፈተሽ ከገጽ 1 የመጨረሻው የተነበበ ቀሪ 49,160.75 ነው፤ በዚያ ላይ 27,400.00 ሲደመር 76,560.75 ይጠበቃል፤ የተነበበው 73,560.75 ነው። ከዜሮ በታች 3,000.00 የሆነው ልዩነት በገጽ 2 የመጀመሪያ ረድፍ ላይ፣ በጥሬ ገንዘብ ተቀማጩ ላይ፣ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከላይ በተሰጠው መመሪያ ብቻውን የቆመ ልዩነት የመጠን ስሕተት ነው። እንግዲያው 27,400.00 የተባለው በእውነት 24,400.00 ነበር ማለት ነው? ያ ቢጻፍ ሰንሰለቱ ይዘጋል፣ የመጨረሻው ቀሪም 62,375.00 ይሆናል፣ ፕሮግራሙም ምንም አያትምም። ፋይሉ ግን አንድ ያልተደረገ ተቀማጭ ይዟል፤ የተደረገ አንድ ዝውውር ደግሞ ጠፍቶበታል።

ቀሪ ሒሳብን ስሕተት ለማግኘት መጠቀምና ስሕተት ለማረም መጠቀም እንደማይተካኩ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ልዩነቱን ዜሮ የሚያደርግ ቁጥር ሁልጊዜ ይገኛል፤ ያ ቁጥር በወረቀቱ ላይ መኖሩን የሚያሳየው ምስሉ ብቻ ነው። ልዩነቱን እያሰላ በራሱ የሚያስተካክል ፕሮግራም ለተመራማሪ ከማይፈትሽ ፕሮግራም የከፋ ነው፤ የማይፈትሸው ቢያንስ ስሕተቱን ለኋላ ተመልካች ያስቀረዋል።

የዞሩት ረድፎች ባይጣሉ ኖሮ ነገሩ ይለይ ነበር። `CF` እና `BF` ዴቢትም ክሬዲትም ስለሌላቸው ከበፊቱ ቀሪ ጋር እኩል መሆን አለባቸው። ረድፍ 4 በጠፋበት ሁኔታ ልዩነቱ የሚወጣው በ`CF` ላይ ነው፤ ተቀማጩ ንጹሕ ሆኖ ያልፋል። ልዩነቱ በ`CF` ላይ ከታየ የጠፋው ረድፍ ከዚያው ገጽ ነው። `CF` ከበላዩ ካለው ቀሪ ጋር ተስማምቶ `BF` ግን ከ`CF` ከተለየ በሁለቱ ገጾች መካከል ያልተነሣ ወይም ቅደም ተከተሉ የተዛባ ወረቀት አለ። እነዚህ ሁለት ረድፎች ከመጨረሻው ፋይል መውጣታቸው የግድ ነው፤ በውስጡ ከቀሩ የግብይቱን ቁጥር ያዛባሉ። መውጣት ያለባቸው ግን ፍተሻው ካለቀ በኋላ ነው። ሁለት ፋይል መያዝ፣ አንዱን ጥሬ አንዱን የጠራ፣ ብዙ ድካም ያድናል።

የዞረ ቀሪ የማያትሙ መግለጫዎችም አሉ። በእነዚህ ላይ መገጣጠሚያው ምስክር ስለሌለው ልዩነት በየገጹ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ በታየ ቁጥር አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት የጠፋ ረድፍ ነው። አንድ ቀላል መለያ አለ፤ ጥመቱ በተስተካከለ ምስል ላይ በረድፎች መካከል ያለው ርቀት እኩል ነው። በ`tsv` ውጤት የ`top` ዋጋ ከረድፍ ወደ ረድፍ ለምሳሌ በ52 ፒክሰል እየጨመረ ቆይቶ በድንገት በ104 ከዘለለ በመካከል ያልተነበበ መስመር አለ። ከመጨረሻው ረድፍ እስከ ግርጌው ያለው ክፍተትም እንዲሁ ይመዘናል።

ለጥንቃቄ ሲባል አንድ ገጽ በሁለት ተደራራቢ ምስሎች ሲነሣ ተቃራኒው ችግር ይመጣል፤ ረድፎች ይደገማሉ። ብዙ ሰው የሚቸኩልበት መፍትሔ ቀንና መጠን የሚመሳሰሉ ረድፎችን አንዱን መሰረዝ ነው። በምሳሌው ውስጥ ግን ጥር 5 በአውሮፓ አቆጣጠር የተደረጉት ሁለቱ የ3,000.00 ዝውውሮች እውነተኛ ናቸው፤ የሚለያቸው ቀሪያቸው ብቻ ነው፤ 49,160.75 እና 46,160.75። ቀሪን ወደ ንጽጽሩ ማስገባት አብዛኛውን ይፈታል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። አንድ ሰው 500 ብር ልኮ፣ ዝውውሩ ሳይሳካ ገንዘቡ ተመልሶ፣ እንደገና 500 ብር ቢልክ አንደኛውና ሦስተኛው ረድፍ በቀንም በመጠንም በቀሪም አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ድግግሞሽ መፈለግ ያለበት በጠቅላላው ፋይል ሳይሆን በሁለቱ ምስሎች መገናኛ ብቻ ነው፤ የአንደኛው ምስል የመጨረሻ ረድፎች በዚያው ቅደም ተከተል የሁለተኛው ምስል የመጀመሪያ ረድፎች ሆነው ሲገኙ።

መገጣጠሚያው የሚነካው ሌላው ነገር ማብራሪያው ነው። ረዥም ማብራሪያ ወደ ቀጣዩ መስመር ሲወርድ ቀንም ገንዘብም የሌለው መስመር ይሆናል፤ የሚቀላቀለውም ከበላዩ ካለው ግብይት ጋር ነው። በገጽ መጨረሻ ላይ ሲሆን ግን ቀሪው ግማሽ ከሚቀጥለው ገጽ ርእስና ከዞረው ቀሪ በታች ይወርዳል። እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ከተስተካከለ ይህ ቅንጣቢ ባለቤት ያጣል ወይም በ`BF` ረድፍ ላይ ይለጠፋል። በመሆኑም ማብራሪያን ማያያዝ ገጾቹ ከተቀጣጠሉ በኋላ፣ ግርጌ፣ ራስጌና የዞሩ ረድፎች ለጊዜው ወደ ጎን ተደርገው የሚሠራ ነው።

ሰንሰለቱ የማያየው

ቀሪው የሚመሰክረው ለተጣራው ድምር ብቻ ነው። ከላይ እንደተጠቀሰው ያለ የተላከና የተመለሰ ገንዘብ፣ ሁለቱም ረድፎች አብረው በጥላው ከጠፉ፣ ድምራቸው ዜሮ ስለሆነ ሰንሰለቱ እንዳልተበጠሰ ይቆያል። ስለ ያልተሳኩ ዝውውሮች ለሚያጠና ሰው የጠፋው ዋናው መረጃ ነው። ይህን የሚይዘው በመግለጫው መጨረሻ ጠቅላላ ዴቢትና ጠቅላላ ክሬዲት የታተመ እንደሆነ ነው። በምሳሌው ጠቅላላ ዴቢት 30,035.75፣ ጠቅላላ ክሬዲት 44,100.00 ነው። የተላከና የተመለሰ 1,500.00 ብር ቢጠፋ የመጨረሻው ቀሪ አይለወጥም፤ ሁለቱ ድምሮች ግን እያንዳንዳቸው ከታተመው በ1,500.00 ያንሳሉ። ድምሩ ካልታተመ የቀረው መንገድ የረድፎችን ርቀት መለካት ነው።

ቀንና ማብራሪያም ከሰንሰለቱ ውጪ ናቸው። ጥር 10 እንደ ጥር 16 ቢነበብ ምንም ልዩነት አይወጣም። ቀኖች በቅደም ተከተል መሄዳቸውን መፈተሽ ከፊሉን ያጋልጣል፤ ከቀዳሚውና ከተከታዩ ቀን መካከል የሚወድቅ ስሕተት ግን ከምስሉ ጋር በዓይን ከማመሳከር በቀር አይገኝም። መግለጫው አዲሱን ግብይት ከላይ አድርጎ የታተመ ከሆነም ቀመሩ ከታች ወደ ላይ መሄድ አለበት፤ በየረድፉ ማለት ይቻላል ልዩነት ከታየ ከንባቡ በፊት ቅደም ተከተሉን መጠርጠር ይገባል።

ፍተሻውን ያለፈው ፋይል በኤክሴል ተከፍቶ እንደገና ሲቀመጥ ሊበላሽ ይችላል። ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ የግብይት መለያ ቁጥርን የመጨረሻ አሃዞች በዜሮ ይተካል፤ ቀኖችንም በኮምፒዩተሩ ቅንብር መሠረት ሊለውጥ ይችላል። በማብራሪያው ውስጥ አማርኛ ካለ ፋይሉ በ`utf-8-sig` መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ ፊደሉ ተበላሽቶ ሊታይ ይችላል። የባለቤቱ ስምና የሒሳብ ቁጥር ወደ ጠራው ፋይል አይገቡም፤ ምስሎቹም ወደ ማይታወቅ የመለወጫ ድረ ገጽ ሳይጫኑ በተመራማሪው ኮምፒዩተር ላይ ይነበባሉ። በጠራው ፋይል ውስጥ `page` እና `row` ግን ይቆያሉ፤ ልዩነት ተገኝቶባቸው ከምስሉ ጋር ተመሳክረው የታረሙ ረድፎችም በተጨማሪ ዓምድ ምልክት ይደረግባቸዋል። ከወራት በኋላ አንድ ቁጥር አጠራጣሪ ሆኖ ሲገኝ ወደ ትክክለኛው ወረቀት የሚመልሱት እነዚህ ዓምዶች ናቸው።